ውሃው ሲቆምም የማያርፈው ጎሚቶ

ከኮረብታ ላይ ማጠራቀሚያ ተነስቶ ወደ ከተማ የሚወርድ የውሃ መስመር ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ አይሄድም። መንገዱ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል፣ ገደል ሲገጥመው ይዞራል፣ የሰው ይዞታ ሲያጋጥመው ጥጉን ይዞ ያልፋል። በየመታጠፊያው የቧንቧ ሠራተኞች ጎሚቶ የሚሉት ቁራጭ ይገባል። ቀጥ ያለው ቱቦ በውስጡ ያለው ውሃ ግራና ቀኙን እኩል ስለሚገፋው ባለበት ይረጋል። ጎሚቶው ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። የውስጥ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ውሃውን 90 ዲግሪ የሚያዞር ጎሚቶ በተራ የሥራ ቀን ስምንት ቶን በሚደርስ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል። ያንን ኃይል የሚቀበል ነገር ከጀርባው ካልተሠራለት ከቱቦው ተላቆ ይወጣል፤ ከተማውም ውሃ ያጣል።

ይህ ኃይል ከየት እንደሚመጣ ቢጠየቅ አብዛኛው ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ውሃው እየሮጠ መጥቶ የመታጠፊያውን ግድግዳ ስለሚመታው ነው ይላል። መልሱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሂሳቡ ሲሠራ የሩጫው ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳን አይሞላም። የቀረው ሁሉ የሚመጣው ውሃው ቆሞም ቢሆን ከማይጠፋው ግፊት ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ለባለሙያው ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ቫልቭ ዘግቶ ውሃው ስለቆመ አደጋ የለም ብሎ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ሠራተኛ ሊያውቀው ይገባል። ስለዚህ ሂሳቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን እንሥራው።

ሂሳቡ የሚያዝበት ክልል

በጎሚቶው ውስጥ የሚሆነውን ነገር በዝርዝር መከታተል በጣም ከባድ ነው። ውሃው ሲታጠፍ በውጭኛው ግድግዳ በኩል ግፊቱ ከፍ ይላል፣ በውስጠኛው በኩል ዝቅ ይላል፣ ከመታጠፊያው በኋላ ደግሞ ይሽከረከራል። በግድግዳው ላይ ባለው በእያንዳንዱ ነጥብ ስንት ግፊት እንዳለ ለክቶ መደመር በተግባር የሚሞከር አይደለም። ደግነቱ አያስፈልግም።

መሐንዲሶች ኮንትሮል ቮልዩም የሚሉት ዘዴ ይህን ሁሉ ድካም ያስቀራል። በሐሳባችን ጎሚቶውን ከመግቢያው በፊት በአንድ ቦታ፣ ከመውጫው በኋላ በሌላ ቦታ እንቆርጠዋለን። በሁለቱ መቁረጫዎችና በጎሚቶው የውስጥ ግድግዳ መካከል ያለው ውሃ የሂሳባችን ክልል ይሆናል። ሱቅ ያለው ሰው ዕቃው መደርደሪያ ላይ እንዴት እንደተዟዟረ ሳያውቅ በበሩ የገባውንና የወጣውን ብቻ መዝግቦ የወሩን ሂሳብ እንደሚዘጋ፣ እኛም በሁለቱ መቁረጫዎች የሚሆነውን ብቻ እናያለን። በመሐል ያለው ሽክርክሪት ሁሉ በራሱ ተጣፍቶ በግድግዳው ጠቅላላ ኃይል ውስጥ ይጠቃለላል። የምንፈልገውም ያንኑ ጠቅላላ ኃይል ነው።

መቁረጫው የት ይሁን የሚለው ምርጫ የእኛ ነው፤ ሆኖም ብልሃት ይፈልጋል። ውሃው ቀጥ ብሎ፣ በቱቦው ስፋት ሁሉ በተቀራራቢ ፍጥነት በሚሄድበትና ግፊቱ በሚታወቅበት ቦታ መቁረጥ ይገባል። መሐል መታጠፊያው ላይ ብንቆርጥ ፍጥነቱም ግፊቱም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሂሳቡ ከባድ ይሆንብናል። መቁረጫው ከውሃው ፍሰት ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራትም አለበት።

በዚህ ክልል ላይ የሚሠራው ሕግ አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ካሳተመው መጽሐፍ የመጣ ነው። አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር መጠነ ቁሱ በፍጥነቱ ሲባዛ ሞመንተም ይባላል። ሞመንተም አቅጣጫ አለው፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄድና ወደ ሰሜን የሚሄድ ውሃ ፍጥነታቸው አንድ ቢሆንም ሞመንተማቸው የተለያየ ነው። ሞመንተም ያለ ኃይል አይለወጥም። ኒውተን ለአንድ ቁስ የተናገረውን ሊዮንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1757 ባሳተመው ጽሑፍ ለሚፈስስ ነገር በሚሆን መልክ አስቀመጠው። ለእኛ ክልል ሲተረጎም እንዲህ ነው፦ ፍሰቱ ሳይዋዥቅ በሚሄድበት ጊዜ በክልሉ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ የሚያርፉት ኃይሎች ድምር፣ በየሰከንዱ ከሚወጣው ሞመንተም ላይ በየሰከንዱ የሚገባው ሲቀነስ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ይህ ሂሳብ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ለብቻው ይሠራል።

የምሥራቁና የሰሜኑ ሂሳብ

አሁን ቁጥር እንስጠው። ማጠራቀሚያው ከጎሚቶው 100 ሜትር ከፍ ብሎ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። በመካከላቸው 2 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ የውስጥ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ ተዘርግቷል። ውሃው በሰከንድ 2 ሜትር ይሄዳል፤ ይህም በሰከንድ 141 ሊትር ያህል ነው። የ100 ሜትር ከፍታ 10 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ነገር ግን ውሃው በዚህ ፍጥነት 2 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከቱቦው ግድግዳ ጋር በሚያደርገው ሰበቃ 2 ባር ያህሉን ስለሚያጣ፣ ጎሚቶው ጋ ሲደርስ 8 ባር ይቀረዋል። አንድ ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 100,000 ኒውተን ማለት ነው፤ አሥር ቶን ያህል ክብደት መሆኑ ነው።

ውሃው ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ቆይቶ በጎሚቶው ወደ ሰሜን ይታጠፋል እንበል። ጎሚቶው መሬት ላይ ጠፍጣፋ ተኝቷል፤ ስለዚህ የውሃውና የብረቱ ክብደት ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አይገባም፤ ከሂሳባችን ውጪ ይሆናል። በመታጠፊያው ውስጥ የሚጠፋው ግፊት ከመቶኛ ባር በታች ስለሆነ መውጫውም ላይ 8 ባር ነው ብንል ስህተት አይሆንም።

መጀመሪያ የግፊቱን ኃይል እናውጣ። የቱቦው የውስጥ አፍ ስፋት 0.0707 ካሬ ሜትር ነው። 8 ባር፣ ማለትም 800,000 ኒውተን በካሬ ሜትር፣ በዚህ ሲባዛ 56,550 ኒውተን ይሆናል። ከኋላ ያለው ውሃ በመግቢያው መቁረጫ ላይ በዚህ መጠን ወደ ምሥራቅ ይገፋል። በመውጫው መቁረጫ ላይ ደግሞ ከፊት ያለው ውሃ በክልላችን ላይ መልሶ ወደ ደቡብ ይገፋል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ውሃው ወደ ሰሜን ስለሚወጣ ግፊቱም ወደ ሰሜን ይመስለዋል። ግፊት ግን በየትኛውም መቁረጫ ላይ ሁልጊዜ ወደ ክልሉ ውስጥ ነው የሚገፋው።

ቀጥሎ ሞመንተሙ ነው። በየሰከንዱ 141 ኪሎ ግራም ውሃ በ2 ሜትር ፍጥነት ይገባል፤ ሁለቱ ሲባዙ 283 ኒውተን ያህል ይሆናል። ይህ በምሥራቅ አቅጣጫ የሚገባው ነው። ያው መጠን በሰሜን አቅጣጫ ይወጣል።

የምሥራቁን ሂሳብ እንዝጋ። ሲገባ 283 ኒውተን የምሥራቅ ሞመንተም ነበረ፣ ሲወጣ ምንም የለም፤ ስለዚህ 283 ጎድሏል። ግፊቱ ደግሞ ውሃውን በ56,550 ወደ ምሥራቅ ይገፋዋል። ይህን ሁሉ ገትቶ ውሃው ወደ ምሥራቅ መሄዱን እንዲያቆም ግድግዳው በ56,833 ኒውተን ወደ ምዕራብ መግፋት አለበት። የሰሜኑ ሂሳብም ተመሳሳይ ነው። ግድግዳው ወደ ደቡብ የሚገፋውን 56,550 ተቋቁሞ፣ በላዩ 283 የሰሜን ሞመንተም መስጠት አለበት፤ ስለዚህ በ56,833 ኒውተን ወደ ሰሜን ይገፋል።

ግድግዳው ውሃውን እንዲህ ከገፋው፣ ውሃውም ግድግዳውን በዚያው መጠን በተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋዋል፦ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ። ሁለቱ እኩል ስለሆኑና በቀኝ ማዕዘን ስለሚገናኙ ድምራቸው አንዱ በ1.414 ሲባዛ ይገኛል፤ 80.4 ኪሎ ኒውተን ያህል ወይም ከስምንት ቶን ጥቂት ከፍ የሚል ማለት ነው። አቅጣጫው ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ከመታጠፊያው ውጭኛ ጥግ በቀጥታ ወደ ውጭ።

በመንገዳችን ላይ ሳንናገር ያለፍነው አንድ ነገር አለ። የተጠቀምነው ግፊት የግፊት መለኪያው የሚያሳየው፣ ከአየር ግፊት በላይ ያለው ብቻ ነው። የምንተነፍሰው አየርም አንድ ባር ያህል ይገፋል፤ ነገር ግን ጎሚቶውን በውጭ በኩል ዙሪያውን ስለሚገፋው ውስጥ ያለውን የራሱን ድርሻ ያጣፋዋል። የአየሩን ግፊት በውስጥ በኩል ደምሮ በውጭ በኩል የሚረሳ ሰው ኃይሉን ያለአግባብ ያበዛዋል።

ለማንኛውም የመታጠፊያ ማዕዘን የሚሠራው ቀመር ይህ ነው፦

```
R = 2 (pA + ρQV) sin(θ/2)
```

R ጎሚቶው ላይ የሚያርፈው ኃይል፣ p ግፊት፣ A የአፉ ስፋት፣ ρ የውሃው እፍጋት፣ Q በሰከንድ የሚፈስሰው መጠን፣ V ፍጥነት፣ θ ደግሞ ውሃው የዞረበት ማዕዘን ነው። ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ቢሆን የእኛ ጎሚቶ ኃይል ወደ 43.5 ኪሎ ኒውተን ይወርዳል፤ ማዕዘኑ በግማሽ ቢቀንስም ኃይሉ በግማሽ አልቀነሰም።

ትንሹና ትልቁ ድርሻ

በቅንፉ ውስጥ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን እንያቸው፦ 56,550 እና 283። የውሃው ሩጫ ያመጣው ኃይል ከመቶው ግማሽ ብቻ ነው። ፍጥነቱን ወደ ዜሮ ብናወርደው፣ ማለትም ከታች ያለውን ቫልቭ ቀስ ብለን ብንዘጋው፣ 283ቱ ይጠፋል፤ ሌላው ይቀራል።

እንዲያውም ይጨምራል። ውሃው ሲቆም በ2 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ላይ በሰበቃ የሚጠፋ ግፊት አይኖርም። ስለዚህ ጎሚቶው ጋ የነበረው 8 ባር ወደ 10 ባር ይመለሳል። 10 ባር በ0.0707 ካሬ ሜትር፣ እንደገና በ1.414 ሲባዛ 100 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ውሃው ሲሮጥ ስምንት ቶን የነበረው ኃይል ውሃው ሲቆም ከአሥር ቶን በላይ ሆነ። በስበት የሚወርድ መስመር ላይ ያለ ጎሚቶ በየቀኑ የበለጠ የሚጨነቀው ከተማው ተኝቶ ቧንቧ የሚከፍት ሰው በሌለበት ሌሊት ነው።

የማይንቀሳቀስ ውሃ እንዴት አድርጎ ይገፋል ለሚል ሰው መልሱ በጎሚቶው ቅርጽ ላይ ይታያል። ግፊቱ በሁሉም በኩል እኩል ነው። ነገር ግን በመታጠፊያው ውጭ በኩል ያለው ግድግዳ ረጅም ነው፣ በውስጥ በኩል ያለው ግን አጭር። እኩል ግፊት ሰፊ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ብዙ ኃይል፣ ጠባብ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ኃይል ይሆናል፤ ልዩነቱም ጎሚቶውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በቀጥተኛው ቱቦ ላይ ሁለቱ ጎኖች እኩል ስለሆኑ ይህ ልዩነት የለም።

በዚህ ምክንያት ለጎሚቶው ከባዱ ቀን መስመሩ ሥራ የሚጀምርበት ቀን አይደለም፤ ከዚያ በፊት የሚደረገው የግፊት ፍተሻ ነው። በፍተሻው መስመሩ በውሃ ይሞላል፣ ሁለቱም ጫፍ ይዘጋል፣ ከዚያ በፓምፕ ግፊቱ ከሥራው ግፊት በላይ ይደረሳል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። የእኛ መስመር በ15 ባር ይፈተሽ ብንል ውሃው ቅንጣት ሳይንቀሳቀስ ጎሚቶው ላይ 150 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ከ15 ቶን በላይ ያርፋል። ለድጋፉ የሚሠራው ሂሳብም በፍተሻው ግፊት መሆን አለበት። በሥራው ግፊት ብቻ የተሰላ ድጋፍ ገና አንድ ቤት ውሃ ሳያገኝ ሊንሸራተት ይችላል።

ሩጫው ዋናውን ድርሻ የሚይዝበት ቦታም አለ። በ8 ባር ሁለቱ ድርሻዎች እኩል የሚሆኑት ፍጥነቱ በሰከንድ 28 ሜትር ሲደርስ ነው፤ የከተማ የውሃ መስመር ደግሞ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር እምብዛም አያልፍም። በእሳት አደጋ ሠራተኛ እጅ ያለው የውሃ መርጫ ግን ሌላ ነው። ውሃው ከአፉ ሲወጣ ግፊቱ ወደ አየር ግፊት ወርዶ ሁሉም ወደ ፍጥነት ተለውጧል፤ ስለዚህ ሠራተኛውን ወደ ኋላ የሚገፋው በአብዛኛው ሞመንተሙ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ የትኛው ድርሻ እንደሚበልጥ የሚወስነው መቁረጫው የተደረገበት ቦታ ግፊትና ፍጥነት ነው።

ቫልቭ በድንገት ሲዘጋ

እስካሁን የሠራነው ሂሳብ ፍሰቱ አይዋዥቅም በሚል መነሻ ላይ የቆመ ነው። አንድ ሰው ቫልቩን በፍጥነት ቢዘጋ ይህ መነሻ ይፈርሳል። ቱቦው ውስጥ ያለው 2 ኪሎ ሜትር የውሃ ዓምድ ከ140 ቶን በላይ ይመዝናል፤ በአንድ ጊዜ ሊቆም አይችልም። ከቫልቩ አጠገብ ያለው ውሃ ይቆማል፣ ከኋላ ያለው ይደራረብበታል፣ ግፊቱም ሽቅብ እየዘለለ በቱቦው ውስጥ እንደ ድምፅ ማዕበል ወደ ማጠራቀሚያው ይጓዛል።

ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በ1890ዎቹ መጨረሻ በሞስኮ የውሃ ቱቦዎች ላይ ባደረገው ሙከራ የዚህን ዝላይ መጠን ለካ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1898 አወጣ። የግፊቱ ጭማሪ የውሃው እፍጋት፣ ማዕበሉ የሚጓዝበት ፍጥነትና የጠፋው የውሃ ፍጥነት ሲባዙ የሚገኘው ነው። በብረት ቱቦ ውስጥ ማዕበሉ በሰከንድ ወደ 1,000 ሜትር ይጓዛል። የእኛ ውሃ ከ2 ሜትር ፍጥነት ወደ ዜሮ በድንገት ቢወርድ ጭማሪው 20 ባር ይሆናል። ከ8 ባሩ ጋር 28 ባር፤ ጎሚቶው ላይ ደግሞ 280 ኪሎ ኒውተን፣ ከ28 ቶን በላይ።

በድንገት የሚለው ቃል እዚህ ላይ ልክ አለው። ማዕበሉ ወደ ማጠራቀሚያው ሄዶ እስኪመለስ ከሚፈጀው ጊዜ ባነሰ መዝጋት ማለት ነው፤ ለ2 ኪሎ ሜትር መስመር ወደ 4 ሰከንድ ይሆናል። ከዚያ በላይ በረዘመ ጊዜ የተዘጋ ቫልቭ ዝላዩን ይቀንሳል፤ ደቂቃዎች ወስዶ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ደግሞ ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል። መዘውሩን ብዙ ጊዜ ማሽከርከር የሚጠይቀውን ቫልቭ ሳይቸኩሉ መዝጋት፣ በመስመሩ ላይ ላሉት ጎሚቶዎች ሁሉ ጥበቃ ነው።

ከጀርባ የሚቆመው

ይህን ኃይል ማን ይቀበለው? መልሱ ቱቦው በተያያዘበት መንገድ ይለያያል። ጫፍ ለጫፍ የተበየደ የብረት ቱቦ ወይም በሙቀት የተጣበቀ ፖሊኢትሊን ሲሆን መገጣጠሚያው መሳብን ይችላል፤ ኃይሉ በራሱ በቱቦው በኩል ወደ ኋላ እየሄደ በዙሪያው ባለው አፈር ሰበቃ ይያዛል። ብዙ የከተማ መስመር ግን የአንዱ ቱቦ ጫፍ በሌላው አፍ ውስጥ ገብቶ በጎማ ቀለበት የሚታሸግ ነው። ጎማው ውሃ እንዳይወጣ ይከለክላል እንጂ ቱቦው ወደ ኋላ እንዳይሳብ አይዝም። እዚህ ላይ ከጎሚቶው ጀርባ ኮንክሪት ይፈሰሳል። ኮንክሪቱ ኃይሉን ተቀብሎ ያልተነካካ አፈር ላይ ይበትነዋል።

የዚህ ዓይነት ቱቦ ሂሳብ አንድ እርማት ይፈልጋል። የጎማ ቀለበቱ የሚቀመጠው በቱቦው ውጭ ላይ ስለሆነ ግፊቱ የቱቦውን የጫፍ ውፍረት ጭምር ይገፋል። ስለዚህ ስፋቱ የሚሰላው በውጭው መጠን ነው። ለዚህ መጠን የሚሠራው ደክታይል የብረት ቱቦ የውጭ ስፋቱ 326 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ሲሰላ የአፉ ስፋት 0.0835 ካሬ ሜትር፣ በ15 ባር ፍተሻ የሚያርፈው ኃይልም 177 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። የውስጡን መጠን የተጠቀመ ሰው 27 ኪሎ ኒውተን፣ ወደ ሦስት ቶን የሚጠጋ ኃይል ረስቷል።

ለጥንቃቄ አንድ ተኩል እጥፍ እንውሰድ፤ 265 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ከጀርባ ያለው አፈር በጎኑ ሲገፋ በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ኒውተን ይችላል ከተባለ፣ ኮንክሪቱ አፈሩን የሚነካበት ገጽ 2.65 ካሬ ሜትር መሆን አለበት፤ ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 1.3 ሜትር ገደማ ማለት ነው። አፈሩ የመቻል አቅሙ ግማሽ ያህል የሆነ ለስላሳ ሸክላ ቢሆን ገጹ ከ5 ካሬ ሜትር በላይ ይጠይቃል። ጎሚቶው ያው፣ ውሃውም ያው፣ ኮንክሪቱ ግን እጥፍ። አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ የአገራችን ከተሞች ያለው ጥቁር የመረሬ አፈር ደግሞ ክረምት አብጦ በጋ ይሰነጠቃል። በበጋ ተፈትኖ ጠንካራ የተባለ አፈር በክረምት ያው ላይሆን ስለሚችል፣ አቅሙ መወሰድ ያለበት በረጠበበት ጊዜ ካለው ነው።

ኮንክሪቱ ራሱ ጥሩ ሆኖ ሥራው የሚበላሽባቸው መንገዶችም አሉ። አንዱ ቦዩ ሰፍቶ ተቆፍሮ ከኮንክሪቱ ጀርባ የተመለሰ ልቅ አፈር ሲቀር ነው። እንዲህ ያለ አፈር ኃይሉን ከመሸከሙ በፊት ይጨመቃል፤ ጎሚቶው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከተራመደ ደግሞ የጎማ ቀለበቱ ቦታውን ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ኮንክሪቱ የሚፈሰሰው ያልተቆፈረውን የቦይ ግድግዳ እስኪነካ ነው። ሌላው ከጎሚቶው ውስጥ ጥግ በኩል ማፍሰስ ነው፤ ኃይሉ ወደ ውጭ ስለሆነ በዚያ በኩል ያለ ኮንክሪት የሚይዘው ነገር የለም። ሦስተኛው መቸኮል ነው። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ጥንካሬው የሚመጣው በቀናት ነው፤ በማግስቱ ፍተሻ የሚያደርግ ሰው የሚፈትሸው ገና ያልጠነከረ ነገር ነው።

መታጠፊያው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲሆን የሚለወጠው አቅጣጫው ነው። ኮረብታ ጫፍ ላይ ውሃው ወደ ታች የሚዞርበት ጎሚቶ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከላዩ የሚይዘው አፈር ስለማይኖር ኮንክሪቱ በራሱ ክብደት መያዝ አለበት። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2.4 ቶን ያህል ስለሚመዝን የሚያስፈልገው መጠን በፍጥነት ይበዛል፤ ኮንክሪቱንም ከቱቦው ጋር በብረት ማሰሪያ ማያያዝ ያስፈልጋል።

ከመቆፈር በፊት

ጎሚቶ ከመላቀቁ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። በፍተሻ ጊዜ ፓምፑ ቆሞ የግፊት መለኪያው ቀስ በቀስ ሲወርድ፣ የሚንጠባጠብ መገጣጠሚያ ሳይገኝ ከቀረ፣ ጎሚቶው እየተራመደ ቱቦው የሚይዘው ቦታ እየሰፋ ሊሆን ይችላል። ከፍተሻው በፊት ቱቦው ወደ ጎሚቶው አፍ በሚገባበት ቦታ ላይ በቀለም መስመር ማስመር ይህን ለመለየት ይረዳል፤ መስመሩ ከአፉ ከራቀ ጎሚቶው ተራምዷል። ከኮንክሪቱ ጀርባ መሬቱ ሲያብጥ ወይም ሲሰነጠቅም አፈሩ እየተሸነፈ ነው። ከዚህ አንዱ ከታየ መጀመሪያ ግፊቱን ማውረድ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ቦዩ መግባት ይገባል።

ከዓመታት በኋላ የሚመጣው አደጋ ግን ከውሃው አይመጣም። መንገድ የሚያሰፋ፣ የስልክ መስመር የሚቀብር ወይም የቤት መሠረት የሚያወጣ ቆፋሪ ሳያውቅ ከኮንክሪቱ ጀርባ ያለውን አፈር ያነሳል። ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ አሥር ቶኑን የሚይዘው የለም። ስለዚህ የእያንዳንዱ መታጠፊያና የድጋፉ ቦታ፣ ኃይሉ የሚገፋበት አቅጣጫም ጭምር፣ በመስመሩ ካርታ ላይ መኖር አለበት፤ ካርታው ደግሞ ሳይጠየቅ ለሚቆፍር ሁሉ መድረስ አለበት።

መታጠፊያ አካባቢ መቆፈር ግድ ከሆነ ደግሞ ከታች ያለውን ቫልቭ መዝጋት በቂ አይደለም፤ እንዳየነው ያ ኃይሉን ይጨምረዋል። መዘጋት ያለበት በማጠራቀሚያው በኩል ያለው ቫልቭ ነው፤ እሱም ቀስ ተብሎ። ቀጥሎ ውሃው በታችኛው ማፍሰሻ ይለቀቃል፣ የግፊት መለኪያውም ዜሮ ማንበቡ በዓይን ይታያል። ቀመሩ ውስጥ ትልቁን ቁጥር የሚያጠፋው የውሃው መቆም ሳይሆን የግፊቱ መውረድ ነው።